ዳር ፀጉሬ እየሸሸ ነው፤ ይመለስ ይሆን?

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ነው የምሠራው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወይ ሹሩባ እሠራለሁ ወይ ሂውማን ሄር አሰፋለሁ፤ ፀጉሬ አርፎ የዋለበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ለሥራ ስሄድ ሁሌም ወደ ቀኝ ሰብስቤ ነው የማስይዘው። አሁን ግንባሬ ሰፍቶ ሰፍቶ ጆሮዬ አካባቢ ደርሷል። በቀኝ በኩል አጫጭር ፀጉርና ብጉር የመሰለ ነገር አለ። በግራ በኩል ግን ቆዳው ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል፤ ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ፀጉሬ ላይ ነጭ ነገር ሳይ ቅማል መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ፀጉር ሠሪዬ ‹ተጎድቶ ነው፣ ሂውማን ሄሩ ይሸፍንልሻል› ትላለች። እናቴ ደግሞ ቅቤ ተቀቢ ትለኛለች። ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ነው፤ ሚዜ ነኝ። ይመለሳል ወይ? የ6 ዓመት ልጄንም እዚያው ቤት ነው የማሠራት፣ እሷስ?»

ሀ.፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ መልሱን አላጓትትብሽም። የቀኙ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። የግራው ያጠራጥራል። ልዩነቱን የነገረኝ አንቺው የጻፍሽው ምልክት ነው፤ አጫጭር ፀጉርና ብጉር በአንድ ወገን፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ በሌላ ወገን። እንዴት እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳሽ።

ይሄ ነገር በሕክምናው «ትራክሽን አሎፔሺያ» ይባላል። ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሲጎተት የሚመጣ መመለጥ ነው። እያንዳንዷ ፀጉር ቆዳ ውስጥ ትንሽ ከረጢት አላት፤ የምትበቅለው ከዚያ ነው። ፀጉሩ ቀን ከሌት ሲወጠር መጀመሪያ ከረጢቱ ይቆጣል። ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። አንዳንዱ ፀጉር ሳይደርስ ይነቀላል። ጉተታው እዚህ ላይ ከቆመ ከረጢቱ ያገግምና እንደ በፊቱ ያበቅላል። ካልቆመ ግን የሚወጣው ፀጉር በየዙሩ እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ከረጢቱ ይሞትና በቦታው ጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ፀጉር አያበቅልም። «ይመለሳል ወይ» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ «ከረጢቱ አለ ወይ» ማለት ነው።

የቀኙን እንይ። ብጉር የመሰለው ነገር ፀጉሩ ከሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ የተነሣ የቆዳ ቁጣ ነው። ያማል፣ ይለበልባል፣ ሲነኩት ይቆጠቁጣል። ደስ ባይልም መልካም ዜናም አለበት፤ የሚቆጣ ነገር ገና በሕይወት አለ ማለት ነው። አጫጭሮቹም እንዲሁ። ወይ የተሰበሩ ናቸው ወይ አዲስ የሚበቅሉ፤ ሁለቱም ከረጢቱ መሥራቱን ይናገራሉ።

ያስደነገጠሽ ነጭ ነገርስ? በዚህ ችግር ጊዜ ፀጉሩን እንደ ቀለበት የሚከብ ነጭ ቅርፊት ይኖራል። ከሚጎተተው ከረጢት ወጥቶ ፀጉሩ ላይ የቀረ ቆዳ ነው። ከቅጫም የምትለዪው በጥፍርሽ ነው። አንዷን ፀጉር በሁለት ጣት ያዢና ነጩን ነገር ወደ ጫፉ ግፊው። ቅርፊት ከሆነ ያለ ችግር ተንሸራቶ ይወጣል። ቅጫም ከሆነ ፀጉሩ ላይ ተጣብቋል፣ አይነቃነቅም። ብዙ እናቶች ይሄን እያዩ በልጆቻቸው ራስ ላይ የቅማል መድኃኒት በከንቱ ሲያፈሱ አይቻለሁ። ይሄ ቅርፊት ደግሞ ከመመለጡ በፊት ሊታይ ስለሚችል ከሁሉ ቀድመው ከሚያስጠነቅቁት ምልክቶች አንዱ ነው።

ሌላ አንድ ምልክት መስታወት ፊት ቆመሽ ፈልጊ። ብዙውን ጊዜ የሚመለጠው ግንባሩ ላይ ያለው የመጨረሻው መስመር አይደለም። ዳር ዳሩን ስስና አጭር ፀጉር ይቀራል፣ ከኋላው ባዶ ቦታ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ደህናው ፀጉር የሚጀምረው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የዳሩ ፀጉር በጣም አጭር ስለሆነ የሠሪዋ ጣት አይዘውም፣ አይጎተትም። ያመለጠው ተረፈ፣ የተያዘው ሄደ። ሐኪም ይሄን ሲያይ ነገሩ የጉተታ ነው ወደማለት ያዘነብላል። የዳሩ መስመር ራሱ ጠፍቶ ቅንድብም ከሳሳ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መታየት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ግራው። ለምን ግራው ባሰ? መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ ወደ ቀኝ ሰብስበሽ ስለምታስይዢው ነው። የቀኙ ፀጉር አጠገቡ ካለው ማስያዣ ዘንድ ይደርሳል፣ ብዙም አይወጠርም። የግራው ግን ራስሽን ተሻግሮ ነው የሚሄደው፤ የሂውማን ሄሩንም ክብደት ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይውላል። ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ደግሞ ሲፈጠርም ስስ ነው፤ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው እሱ ነው።

ልስልስ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቆዳ የጠባሳ ምልክት ሊሆን ይችላል። ግን በዓይን ብቻ ሞቷል ብዬ አልፈርድም። ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሚና ቦታውን በስልክሽ ካሜራ ቀረብ አድርገሽ አንሺው፤ ፎቶውን አስፍተሽ ተመልከቺ። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወይም ስስ ፀጉሮች ከታዩሽ ተስፋ አለ። ቆዳው ጉንጭሽ ላይ እንዳለው ያለ ምንም ቀዳዳ ለጥ ያለ ከሆነ ተስፋው ይመነምናል። የቆዳ ሐኪም ይሄንኑ የሚያየው ዴርማቶስኮፕ በሚባል መብራት ባለው ሌንስ ነው፤ አያምም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሌንሱ ካልለየው አካባቢውን አደንዝዞ ትንሽ የቆዳ ናሙና ይወሰድና ላቦራቶሪ ይታያል። አዲስ አበባ ስላለሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው፤ በግልም የቆዳ ስፔሻሊስት ያላቸው ክሊኒኮች ታገኛለሽ። ስትሄጂ ሂውማን ሄሩን ፈትተሽ ሂጂ። ተሰፍቶበት የመጣ ራስ ውስጥ ሐኪም የሚያየው ነገር የለም።

ፀጉር ሠሪሽ ክፉ አስባ አይመስለኝም። ግን «ይሸፍንልሻል» ያለችሽ ነገር ነው ችግሩን ያመጣው። ሂውማን ሄር ሲሰፋ መጀመሪያ የራስሽ ፀጉር ከራስ ቅል ጋር ተጣብቆ ይሠራል፤ ከዚያ የሂውማን ሄሩ ረድፍ በመርፌና በክር እሱ ላይ ይሰፋል። ክብደቱን የሚሸከመው ሥር ያለው ሹሩባ ነው። ዳር ላይ ያለው ረድፍ ደግሞ በትንሽ ፀጉር ነው ብዙ የሚሸከመው። ከዚያ ፊት ለፊት እንዲሸፍን ተብሎ የተተወው የራስሽ ፀጉር ከሂውማን ሄሩ እንዲመሳሰል በየቀኑ በፒያስትራ ይጠበሳል። ሪላክሰር ተቀብተሽ ከሆነማ ሌላ መከራ ነው። በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉር ላይ ጥብቅ ሥራ ሲጨመርበት ጉዳቱ እንደሚብስ በደቡብ አፍሪካ ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

በነገራችን ላይ ይሄ የእኛ ፀጉር ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። በሕክምና ጽሑፍ ቀድሞ የተመዘገበው በ1907 እ.ኤ.አ. በግሪንላንድ ነው፤ ፀጉራቸውን ሽቅብ አጥብቀው በሚያስሩ ሴቶች ላይ። በጥምጣማቸው ሥር ፀጉራቸውን በሚቋጥሩ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ወንዶች ላይም ይታያል፣ ፀጉራቸውን ጠምዝዘው በሚያስይዙ የባሌት ዳንሰኞችም ላይ። ሹሩባን በጅምላ አልወነጅልም። በራስሽ ፀጉር ብቻ ላላ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ፀጉርን ይጠብቃል እንጂ አይጎዳም። ጥፋቱ ጥብቀቱ፣ ክብደቱና ያለ ዕረፍት መደጋገሙ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ዛሬ ፍቺው። ጥር እስኪደርስ አይደለም፣ እስከ ቅዳሜም አይደለም። ስትፈቺ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይወጣልና እንዳትጮኺ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መጣሉ የተለመደ ነው። ስድስት ሳምንት ታስሮ የቆየ ራስ ውስጥ ያ ሁሉ የሚወርድበት አጥቶ ተከማችቷል፤ ሂሳቡን ብትሠሪው ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ፀጉር ነው። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ጊዜውን ጨርሶ ወይም ተነቅሎ የወጣ ነው፤ ነጥብ የሌለው መሐል ላይ የተሰበረ ነው። አብዛኛው የተሰበረ ከሆነ ፒያስትራውንና ሪላክሰሩን ጠርጥሪ።

ለቀኙ ብጉር ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ የሚቀባ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል፤ መግል ካለው አንቲባዮቲክ ይጨምራል። አንዳንዴ ስቴሮይዱ በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ቦታው ላይ ይወጋል። ከጎረቤት ወይም ከፋርማሲ «ለቆዳ ይሆናል» የተባለ ቱቦ አንሥተሽ እንዳትቀቢ። ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ልክ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል።

ከዚያ ሚኖክሲዲል አለ። ጉዳቱን አይፈውስም፤ ግን በሕይወት ያለውን ከረጢት ይቀሰቅሳል። ለሴቶች የተለመደው 5 በመቶው አረፋ በቀን አንድ ጊዜ፣ ወይም 2 በመቶው ፈሳሽ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በደረቅ የራስ ቆዳ ላይ እንጂ በፀጉሩ ላይ አይቀባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ፀጉር ሊያራግፍ ይችላል፤ ብዙዎች ያኔ ደንግጠው ያቆሙታል። ወደ ፊት እንዳይወርድ ተጠንቀቂ፤ ግንባርና ጉንጭ ላይ ፀጉር ሊያመጣብሽ ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ፣ ለማርገዝ ካሰብሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ አትጀምሪው። ያበጠውና የቆሰለው ቆዳ ሳይድንም አትቀቢው፤ ይለበልብሻል።

የእናትሽን ቅቤ በተመለከተ፣ እናትሽን አታስቀይሚያት። ቅቤ ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ መሰበርም ይቀንሳል። ቆዳ ውስጥ ያለውን ከረጢት ግን አያስነሣም። ለጊዜው ብጉሩ ባለበት ቦታ ላይ ምንም ቅባት አታብዢ፤ መሐልና ጫፉን ተቀቢ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ግን ይቅር። ቆዳ አቃጥለው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የተጎዳውን ቆዳ ደግሞ ማቃጠል ምን ይባላል?

የጊዜውን ነገር ደግሞ እንተማመን። ሕመሙና መቅላቱ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። አዲስ ፀጉር ለዓይን እስኪታይ ግን ሦስት ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተነቅሎ የወጣ ፀጉር ከረጢቱ ለወራት ያርፋል። ከዚያ በኋላ በወር 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያድጋል። ዛሬ መስከረም ላይ ብትጀምሪ ጥር ላይ በቀኝ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ቢወጣልሽ ደስ ይበልሽ። ለሠርጉ ሙሉ አይሆንም፤ የሚሆን አድርጎ የሸጠልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው። ትክክለኛ ፍርድ የሚሰጠው ከ6 እስከ 12 ወር በኋላ ነው። በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ አንሺ፤ መስታወት ዕለት ዕለት ሲያዩት ለውጡን አያሳይም።

ለሚዜነቱ ግን መላ አለ። ፀጉርሽን በጎን ከፍለሽ ማጅራትሽ ላይ ላላ አድርገሽ አሲዢው፤ የላይኛው ፀጉር ግራውን ይሸፍነዋል። የፀጉር ቀለም ያለው ዱቄት ስስ ፀጉር ባለበት በቀኝ በኩል ይሠራል፤ ባዶ ቆዳ ላይ ግን የሚይዘው ስለሌለው ይረግፋል፣ ፎቶ ላይም ያስታውቃል። ዊግ ካማረሽ ለአንድ ቀን ልበሽ፤ በሙጫ የሚለጠፈውንና በክሊፕ የሚያዘውን ግን ተዪ፤ ሙጫው ሲላቀቅ ይዞ የሚሄደው ያንኑ ዳር ፀጉር ነው። የሚዜዎቹ ሁሉ ፀጉር አንድ ዓይነት ይሁን ከተባለ እህትሽን አሁኑኑ አነጋግሪያት እንጂ ለሠርጉ ዋዜማ አታቆዪው።

ግራው ጠባሳ ሆኖ ከተገኘስ? ቅባትም ሚኖክሲዲልም አያስነሣውም። የሚቀረው ከኋላ ፀጉር ወስዶ መትከል ነው። ለዚህ ችግር ጥሩ ውጤት ሊሰጥ የሚችል ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ጉተታው ከቆመና ቆዳው ረግቶ ከቆየ በኋላ ነው የሚታሰበው። ተተክሎ ተመልሶ ሂውማን ሄር ከተሰፋበት የተተከለውም ይሄዳል። ጥምዝ ፀጉር ከቆዳ ሥርም ጥምዝ ስለሆነ አወጣጡ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሐኪሙ በእንዲህ ዓይነት ፀጉር ላይ መሥራቱን ጠይቂ።

ወደፊት ጭራሽ አትሠሪ አልልሽም፤ ብልሽም አትሰሚኝም። መለኪያው ሕመም ነው። እየተሠራሽ ካመመሽ ያኔውኑ «እህት፣ ዳሩን ላላ አድርጊልኝ» በያት። ደንበኛ «ጥብቅ ካላለ ቶሎ ይፈታል» እያለ ነው ሠሪዎቹም ማጥበቅ የለመዱት፤ ስለዚህ የምትፈልጊው ልቅ መሆኑን ቀድመሽ ተናገሪ። ተሠርተሽ ስትነሺ ቅንድብሽ ሽቅብ ተስቦ ከሆነ፣ ወይም ማታ ማስታገሻ ካልዋጥሽ እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ያ ሥራ በማግስቱ የሚፈታ ነው። ገንዘቤ ሄደ ብሎ ሁለት ወር መሸከም ነው እዚህ ያደረሰሽ። ወፈር ወፈር ያለ ሹሩባና አጠር ያለ ቅጥያ ምረጪ፤ የዳሩ ፀጉር ሳይያዝ ይቅር። የተሰፋ ነገር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ይረፍ። ሪላክሰርና ሹሩባ በአንድ ሳምንት አይገናኙ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራራቁ። ለአንቺ ግን ይሄ ሁሉ የሚጀምረው ቀኙ ካገገመ በኋላ ነው። ማስያዣሽንም ወደ ቀኝ ብቻ ማድረጉን ተዪ።

ልጅሽን ዛሬ ማታ አጠገብሽ አስቀምጫት። ከጆሮዋ በላይና ማጅራቷ ላይ ፀጉሯን ገልጠሽ እዪ። ቀላ ያለ ነጥብ፣ ነጭ ቅርፊት፣ የተሰበረ ፀጉር ካየሽ ፍቺላት። በልጅነት ቶሎ ከተደረሰበት በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ክብ ሆኖ ቅርፊት የሚያነሣና የሚያሳክክ ቦታ ካለ ግን ያ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው፣ ወደ ሌሎች ልጆችም ይተላለፋል፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ እሷንም አብረሽ ይዘሻት ሂጂ። ልጆች «ያመኛል» ሲሉ «ቻይ፣ ለማማር ነው» ማለት ልማዳችን ሆኗል። እሷ ስትል ሠሪዋን አስቁሚ። ለትምህርት ቤት በራሷ ፀጉር፣ ያለ ቅጥያ፣ ላላ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ወፍራም ሹሩባ ይበቃታል፤ ማታ ጎማውን ፈትተሽ አስተኛት።